ከአራቱ ሽፋኖች የትኛውን ልምረጥ?

ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የ31 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። «የሰኞ በረራ» የተባለ የመጀመሪያ ልብ ወለዴን ጨርሼ ለኅትመት እያዘጋጀሁ ነው። ታሪኩ ከቤሩት ወደ ደሴ ስለተመለሰች ሴት ነው፤ በላከችው ገንዘብና በቤቱ ውስጥ ባላት ቦታ ከቤተሰቧ ጋር ትጋጫለች። እንዲያነቡልኝ የምፈልገው ከ20 እስከ 35 ዓመት የሆናቸው፣ ከዐረብ አገር የተመለሱ ወይም እዚያ እህት ያላቸው ሴቶች ናቸው።

ለሽፋን አራት ምስል አለኝ። አንደኛው ወንድሜ የሣለው የዘይት ቀለም ሥዕል ነው። ሁለተኛው ከኢንተርኔት ያገኘሁት የምታለቅስ ሴት ፎቶ ነው። ሦስተኛው ዲዛይነሩ የመረጠው፣ አየር ማረፊያ ውስጥ የቆመ ሻንጣ ነው። አራተኛውን እኔ በስልኬ አነሳሁት፤ በእናቴ ሳሎን ውስጥ ረከቦቱ አጠገብ የተቀመጠ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ሻንጣ ነው። ፌስቡክ ላይ ሳስመርጥ የምታለቅሰዋ ሴት በሰፊ ልዩነት አሸነፈች። ወንድሜ ደግሞ ሥዕሉ ሽፋን እንደሚሆን ለሰው ሁሉ ነግሯል። ማተሚያ ቤቱ በሦስት ሳምንት ውስጥ ፋይሉን አምጪ ብሎኛል። አራቱንም አያይዣለሁ። ምን ላድርግ?

ግራ የገባኝ፣ ከአዲስ አበባ

*

ውድ እህቴ፣

አራቱንም ምስሎች ደጋግሜ አየኋቸው። የወንድምሽ ነገር ከሁሉ በላይ እንደከበደሽ ይገባኛል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። በቅድሚያ ግን የፌስቡኩ ድምፅ አያስጨንቅሽ።

ድምፅ የሰጡት ሰዎች አራቱን ምስል ጎን ለጎን ነው ያዩት። መጽሐፍ ገዢ የአንድን መጽሐፍ አራት ሽፋን አሰልፎ የሚያይበት አጋጣሚ የለም። አንዱን ብቻ ያያል፤ እሱንም ከሌሎች ደራሲዎች ሥራ መሐል፣ መንገድ እያቋረጠ ወይም ስልኩን እየነካካ። አራት ምስል አንድ ላይ ሲቀርብለት ግን ሰው የቁንጅና ዳኛ ይሆናል፤ እንዲህ ባለው ውድድር ደግሞ የሰው ፊት፣ ያውም ዕንባ ያለበት ፊት፣ ሻንጣን ያሸንፋል። በዚያ ላይ መራጮችሽ ወዳጆችሽ ናቸው። ታሪኩን ከአንቺ ስለሰሙ የሚያውቁትን ምስሉ ላይ ጨምረው ያነባሉ። ከእነሱ መሐል ስንቶቹ ከ20 እስከ 35 ዓመት ያሉ ሴቶች ናቸው? ስንቶቹስ ባለፈው ዓመት ልብ ወለድ ገዝተዋል? እስቲ ስሞቹን ተመልከቻቸው።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፤ መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ጻፊው። አንባቢሽ ሽፋኑን አይታ፣ ገና ገጽ ሳትገልጥ፣ ስለ ምን የሚያወራ መጽሐፍ እንዲመስላት ትፈልጊያለሽ? ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት መልሱ «ወደ ቤቷ ተመልሳ ቤቷ ውስጥ እንግዳ የሆነች ሴት ታሪክ» ወደሚል ይጠጋል። አንቺ በራስሽ ቃል አስተካክይው። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱን ምስል የምትመዝኚው በዚያ ዓረፍተ ነገር ነው።

በዚህ ሚዛን የምታለቅሰዋ ሴት አትቆምም። የእሷ ፎቶ የሚናገረው በሰው አገር ስለደረሰ መከራ ነው፤ የአንቺ ታሪክ ደግሞ የሚጀምረው ከመልስ በኋላ ነው። የመከራ ታሪክ ፈልጋ የገዛችው አንባቢ ውስጡ የገንዘብና የወንበር ጭቅጭቅ ስታገኝ ትከፋለች። ራሷ ከቤሩት የተመለሰችው አንባቢ ደግሞ «ደግሞ ሊያለቃቅሱልን ነው» ብላ ልታልፈው ትችላለች፤ መጽሐፉ የተጻፈላት እሷ ሆና ሳለ።

ይህን ምስል ዛሬውኑ ከዝርዝሩ እንድታወጪው የምመክርሽ ግን ከዚህም በጠነከረ ምክንያት ነው። ፎቶው ባለቤት አለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፎቶግራፍ ሥራንም ይጠብቃል፤ ኢንተርኔት ላይ መገኘቱ ፈቃድ አይሆንም። ሴቲቱም የራሷ መብት አላት። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ ተባዝቶ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ያቺ ሴት ማን እንደሆነች፣ ለምን እንዳለቀሰች አናውቅም። ሁለት ሺህ ቅጂ ከታተመ በኋላ ባለቤቱ ቢመጣ የሚቀደደው ሽፋኑ ብቻ አይሆንም።

የዲዛይነርሽ ሻንጣ ንጹሕ ፎቶ ነው፤ ለርዕሱም ሰፊ ቦታ አለው። የምፈራለት ሌላ ነገር ነው። የሚያብረቀርቅ ወለል ላይ የቆመ ባለ ጎማ ሻንጣ ሰው ስለ መሄድ እንዲያስብ ያደርጋል። «የሰኞ በረራ» ከሚል ርዕስ ጋር ሲገጥም ወደ ውጭ አገር ለሚሄዱ የተዘጋጀ መመሪያ ሊመስል ይችላል። ከዝርዝሩ አታውጪው፤ ለንጽጽር ይጠቅመናል። ፎቶውን ከየት እንዳገኘው፣ ለመጽሐፍ ሽፋን የሚያገለግል ፈቃድ ገዝቶ እንደሆነም ጠይቂውና ደረሰኙን ተቀበይ።

የወንድምሽ ሥዕል በትልቁ ሲያዩት ያማረ ነው። ነጠላ የለበሰችው ሴት፣ ቡናማው ጥላ፣ ከበስተኋላ ያለው ተራራ ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዟል። ስልክ ላይ ግን ቡናማው ከቡናማው ይዋሐድና ሴት መሆኗ አይለይም። በሩቁ የሚቀረው ነጠላ የለበሰ ሰውና የጨለመ መደብ ነው፤ ይህም መንፈሳዊ ወይም ታሪክ ነክ መጽሐፍ ያስመስለዋል። ሆኖም ከሥዕሉ ታች በስተቀኝ የሻንጣ ገመድ የሚያስሩትን ሁለት እጆች አየሻቸው? ሥዕሉን የያዙት እነሱ ናቸው። እጆቹ ብቻ ተለይተው ቢወጡ፣ ብርሃናቸውም ከጀርባው ስለሚለይ፣ ራሱን የቻለ ሽፋን ይሆናሉ።

አንቺ ያነሳሽውን አራተኛውን ምስል ግን ለምን መጨረሻ ላይ ጻፍሽው? እኔን ያቆመኝ እሱ ነው። በፕላስቲክ የተጠቀለለ ሻንጣ ከዐረብ አገር ሲመለሱ ያየ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ረከቦቱ ደግሞ የቤት ነው። ሳይፈታ የተቀመጠው ሻንጣ ከእነ ፕላስቲኩ ያንቺን ዓረፍተ ነገር ሊናገር ምንም አልቀረውም። ድክመቱ ታሪኩ ላይ አይደለም። ፎቶው ጨለማ ነው፤ ብልጭታው ፕላስቲኩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ጥሏል፤ ሻንጣው ክፈፉን ሞልቶ ለርዕስ ቦታ አሳጥቷል። እነዚህ ሁሉ እንደገና በማንሳት ይስተካከላሉ።

እንዲህ አድርጊ። ከሰዓት በኋላ መጋረጃውን ከፍተሽ፣ ብልጭታውን አጥፍተሽ፣ ስልኩን በሻንጣው ቁመት ልክ ዝቅ አድርገሽ ያዢ። ወደ ኋላ ሸሸት በይና የክፈፉ የላይኛው ሲሶ ባዶ ግድግዳ ይሁን፤ ርዕሱ እዚያ ይገባል። ግድግዳው ላይ የቤተሰብ ፎቶ ካለ አውርጂው። ሻንጣው ላይ የስም ወረቀት ወይም የአየር መንገድ ምልክት ካለ አንሺው።

ስለዚህ በእጅሽ ሦስት ዕጩ አለ፤ የወንድምሽ እጆች፣ የዲዛይነሩ ሻንጣ፣ የእናትሽ ሳሎን። ሰው ጋ ከመውሰድሽ በፊት ዲዛይነሩ በሦስቱም ላይ ርዕሱንና ስምሽን በተመሳሳይ ፊደልና መጠን ያስገባበት። ፊደሉ ከተለያየ ሰዉ የሚመርጠው ምስሉን ይሁን ፊደሉን ማወቅ አትችዪም።

የፊደሉን ነገር አደራ እልሻለሁ፤ ብዙ የአማርኛ ሽፋን የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። የእኛን ፊደላት የሚለያቸው ትንንሽ ጭረት ነው። በርዕስሽ ውስጥ «ኞ»ን ከ«ኖ» የሚለየው ከላይ ያለችው ሰረዝ ብቻ ናት፤ «ረ»ንና «ራ»ን የሚለያያቸውም እግራቸው ላይ ያለው ነገር ነው። ቀጭን ፊደል በፕላስቲኩ እጥፋት ወይም በሥዕሉ ብሩሽ ላይ ከተጻፈ እነዚህ ጭረቶች ይዋጣሉ፤ አንባቢዋም ርዕሱን አጥርታ ካላነበበች ጓደኛዋ ጋ ሄዳ መጽሐፉን በስሙ ልትጠራው አትችልም። ወፍራም ፊደል ምረጪ፤ ጸጥ ያለ መደብ ላይ ይረፍ። ከዚያ ሽፋኑን ስልክሽ ላይ የአውራ ጣትሽን ጥፍር በምታህል ስፋት አሳንሺና ክንድሽን ዘርግተሽ እዪው። ቴሌግራም ቻናል ውስጥ ከብዙ መጽሐፍ መሐል የሚታየው ወደዚያ ተጠግቶ ነው። ከዚያ ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጪው። ርዕሱ ከመደቡ ጋር ተመሳሳይ ግራጫ ከሆነ ቀለሙ ሲያታልልሽ ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ ፈተናው ይመጣል። ሦስቱንም በሽፋኑ ትክክለኛ መጠን፣ ማለትም በኤ5፣ በቀለም አሳትሚ። እያንዳንዱን ከመጽሐፍሽ ውፍረት ጋር በሚቀራረብ ሌላ መጽሐፍ ላይ ጠቅልዪው። ምስሉን ስልክ ላይ ከማሳየት በእጅ የሚያዝ መጽሐፍ ማሳየት በጣም ይለያል፤ ሰው መጽሐፍ ሲይዝ እንደ ገዢ ያስባል።

የምታሳዪያቸው ሰዎች ዘመድ ወይም ወዳጅ አይሁኑ። ሃያ አራት ሴቶች በቂ ናቸው፤ ለአንድ ሽፋን ስምንት ስምንት። ዕድሜያቸውና ሕይወታቸው ካንቺ አንባቢ ጋር ይግጠም። የሴቶች ፀጉር ቤት ጥሩ ቦታ ነው። ወረፋ የሚጠብቁ፣ ጊዜ ያላቸው፣ ሐሳባቸውንም የማይደብቁ ሴቶች ይገኙበታል። ባለቤቷን አስቀድመሽ አስፈቅጂ። ሁለትና ሦስት ሰፈር ብትሄጂ የአንድ ሰፈር ሰው ብቻ እንዳይሆንብሽ ይረዳል።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ፤ ለአንዲት ሴት አንድ ሽፋን ብቻ አሳዪያት። ሌሎቹ መኖራቸውንም አትወቅ። አምስት ሰከንድ አሳይተሽ መጽሐፉን ገልብጪውና ሦስት ነገር ጠይቂያት። ርዕሱ ምን ይላል? ስለ ምን የሚያወራ ይመስልሻል? ምን ዓይነት ሰው ታነበዋለች ትያለሽ? መልሷን በራሷ ቃል፣ ሳታሳምሪ ጻፊው። «ትገዢዋለሽ ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ። ይሉኝታ ያለበት አገር ነው፤ ፊት ለፊትሽ ቆማ «አልገዛም» የምትልሽ ጥቂት ናት። ጠያቂዋም አንቺ ባትሆኚ ይመረጣል። ጓደኛሽ ሄዳ «የአንዲት ደራሲ መጽሐፍ ነው» ብላ ትጠይቅ። ደራሲዋ መሆንሽን ካወቁ ምስጋና ብቻ ይዘሽ ትመለሻለሽ።

ውጤቱን ስታነቢ ቁጥሩን ከሚችለው በላይ አታሸክሚው። ለሳሎኑ ምስል ከስምንቱ ስድስቱ «ከዐረብ አገር ስለመጣች ልጅ»፣ «ስለ ቤተሰብ» የሚሉ ቃላት ቢመልሱና ለዲዛይነሩ ሻንጣ አምስቱ «ስለ ጉዞ»፣ «ቪዛ ስለማግኘት» ቢሉ ነገሩ ግልጽ ነው። አንዱ አምስት፣ ሌላው አራት ካገኘ ግን እኩል ናቸው ማለት ነው፤ በስምንት ሰው የአንድ ሰው ልዩነት ምንም አይነግርሽም። እንዲህ ሲሆን ርዕሱ የበለጠ የተነበበበትንና ለኅትመት የሚመቸውን ያዢ። ከቁጥሩ ይልቅ አንቺ ያላሰብሽው ሆኖ እየተደጋገመ የሚመጣ ቃል ካለ ጆሮ ስጪው። እጆቹን አይተው ሦስት ሴቶች «የታሰረች» ወይም «የታገተች» ቢሉ ገመዱ ሌላ ታሪክ እያወራ ነው።

ሦስቱም ተመሳሳይ ስሕተት ካመጡ ጥፋቱን ምስሉ ላይ አትጣይው። ሁሉም «የጉዞ መመሪያ» ከተባሉ ያሳሳታቸው ርዕሱ ሊሆን ይችላል። ከርዕሱ ሥር «ልብ ወለድ» የሚል ቃል ጨምሪና ሌሎች ጥቂት ሴቶች ጠይቂ። አንዳንዴ የሚያስፈልገው ይቺው ብቻ ናት።

በዚያው ሳምንት ብሔራዊ ቴአትር ወይም አራት ኪሎ አካባቢ ያለ መጽሐፍ ሻጭ ጋ ሂጂ። ስለ ታሪኩ አትጠይቂው፤ አንባቢሽ እሱ አይደለም። መጽሐፉን ከሌሎቹ መሐል እንዲያስቀምጠው ለምኚውና አምስት እርምጃ ራቅ ብለሽ እዪው። ዙሪያው ሁሉ ጨለማ ሽፋን ከሆነ ብሩህ የሳሎን ግድግዳ ብቻውን ይወጣል። ሁሉም ነጭ ከሆነ ደግሞ ሐሳብሽን ትከልሺያለሽ። አዟሪ ክንዱ ላይ ሲደረድር ብዙ ጊዜ የሚታየው ጀርባው ብቻ መሆኑንም አትርሺ። መጽሐፍሽ 240 ገጽ ቢሆን 120 ቅጠል ማለት ነው፤ በተለመደው የመጽሐፍ ወረቀት ጀርባው ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ርዕሱ እዚያ ላይም መነበብ አለበት። ትክክለኛውን ውፍረት ማተሚያ ቤቱ ራሱ በሚጠቀምበት ወረቀት ለክቶ ይስጥሽ።

ወደ ወንድምሽ ልመለስ። ሥዕሉን ለመጽሐፉ ሽፋን ብሎ ነው የሣለው ወይስ ለአንቺ ስጦታ? ለሰው ሁሉ የተናገረው በአንቺ ስለሚኮራ ይመስለኛል፤ ያ ኩራት መከበር አለበት። የምመክርሽ ከፈተናው በፊት እንድታነጋግሪው ነው። ውጤቱን ይዘሽ ከሄድሽ ፍርድ ይሆንበታል፤ አስቀድመሽ ከሄድሽ ግን አብሮሽ ይሠራል። «እጆቹን ለብቻ ላወጣቸው እፈልጋለሁ፤ ትፈቅድልኛለህ?» ብለሽ ጀምሪ። ሠዓሊ ሥዕሉ ሲቆረጥ ሊከፋው ይችላልና «አይሆንም» የማለት መብቱን ተዪለት። ስልክሽ ላይ ሙሉው ሥዕል በትንሹ ሲታይ ምን እንደሚሆን አሳዪው፤ ሠዓሊ ከሆነ ሳትነግሪው ያየዋል። እጆቹ እንደሚያሸንፉ ግን ቃል አትግቢለት። ካላሸነፉ ሙሉው ሥዕል ከጀርባ ሽፋን ላይ ከነስሙ ይግባ። ሽፋኑ እንደሆነ ዙሪያውን በቀለም ስለሚታተም ሥዕሉን እዚያ ማስገባት የተለየ የቀለም ክፍያ አያመጣብሽም። በየትኛውም መንገድ ቢወጣ ፈቃዱን በአንዲት ወረቀት ተፈራረሙበት። ወንድምና እህት ብትሆኑም ሥዕሉ የእሱ ሥራ ነው።

እጆቹን ከሙሉ ሥዕሉ ፎቶ ላይ ቆርጦ ማውጣት ግን ጥራቱን ይገድለዋል። የኤ5 ሽፋን ፊት በየጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር የመቁረጫ ትርፍ ሲጨመርበት 154 በ216 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ ለማተም ምስሉ ወደ 1820 በ2550 ፒክስል ያስፈልገዋል። ባለ 12 ሜጋፒክስል ስልክ ሥዕሉን በሙሉ ሲያነሳ በስፋት 3024 ፒክስል ይሰጥሻል፤ እጆቹ የዚያን ሩብ ከያዙ የሚቀርሽ 756 ነው። ከግማሽ በታች ስለሆነ ታትሞ ይደበዝዛል። ስለዚህ ተጠግተሽ እጆቹን ብቻ አንሺ። ሥዕሉን ጥላ ባለበት የቀን ብርሃን ግድግዳ ላይ አቁሚው፤ ስልኩ ከሸራው ጋር ትይዩ ይሁን። ለዲዛይነሩ ስትልኪም ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪ፤ እንደ ፎቶ ከሄደ ተጨምቆ ያንሳል።

የሦስት ሳምንቱ ጊዜ ይበቃሻል። የመጀመሪያውን ሳምንት ለወንድምሽ፣ ለፎቶውና ለዲዛይነሩ ስጪ፤ ሁለተኛውን ለፀጉር ቤቶቹና ለሻጩ። ሦስተኛው ሳምንት የማተሚያ ቤቱ ነው። ፋይሉን ከማስረከብሽ በፊት ዲዛይነሩ ወደ ሲኤምዋይኬ፣ ማለትም ማተሚያው ወደሚጠቀምባቸው አራት ቀለሞች፣ ቀይሮ ያሳይሽ። ስክሪን ላይ የሚያበራው ሰማያዊና ሐምራዊ እዚያ ይፈዛል፤ ወረቀት ላይ ደግሞ ቀለም ስለሚሰፋ ጨለማው ይበልጥ ይጨልማል። የሳሎኑ ፎቶ ካለፈ ጥላው ለስክሪን ከሚያምርሽ ትንሽ ፈካ ብሎ ይሂድ። ከዚያ በዚያው የሽፋን ወረቀት ላይ የታተመና ላሚኔሽን፣ ማለትም ስስ የፕላስቲክ ልባስ፣ የተደረገለት አንድ ናሙና ጠይቂ። የሚያብረቀርቀው ላሚኔሽን ፀሐይ ላይ ርዕሱን ይሸፍናል፤ ማቱ አያንጸባርቅም፣ ግን ጥቁር መደብ ላይ የጣት አሻራ ይይዛል። ናሙናውን ደጅ አውጥተሽ፣ ፀሐይ ላይ ይዘሽ ርዕሱን አንብቢው። «ኞ» ላይ ያለችው ሰረዝ በደንብ ከታየችሽ ፈርሚ።